ሎው ፓስ ፊልተር በስኩዌር ዌቭ፦ የፎሪየር ድምሩ ጫፍ ላይ ለምን ያንሳል?

ሰላም ለሁላችሁ፣ አንድ ነገር አልፈታ ብሎኛል። ሬዚስተሩ 1.6 ኪሎ ኦም፣ ካፓሲተሩ 100 ናኖ ፋራድ ስለሆነ የፊልተሩ ከትኦፍ 1 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ነው። የማስገባው ስኩዌር ዌቭም 1 ኪሎ ኸርዝ ሲሆን በ+1 እና በ−1 ቮልት መካከል ይገለባበጣል።

እያንዳንዱን የፎሪየር ተርም ለየብቻው በፊልተሩ አሳለፍኩ፦

```
n=1: 1.273 → 0.900 V, −45°
n=3: 0.424 → 0.134 V, −71.6°
n=5: 0.255 → 0.050 V, −78.7°
```

ሦስቱን ከነፌዛቸው ስደምር መሀል መሀሉ ላይ ከኤክስፖኔንሺያሉ መፍትሔ ጋር ጥሩ ይገጥማል። ችግሩ ግብዓቱ በሚገለበጥበት ቅጽበት ላይ ነው። ኤክስፖኔንሺያሉ 0.917 ቮልት ሾል ያለ ጫፍ ሲሰጠኝ ድምሩ ግን 0.813 ላይ ነው፣ ኩርባውም ክብ ነው።

በዚያች ቅጽበት የእያንዳንዱ ተርም ድርሻ `(4/π)/(1+n²)` ሆኖ ወጣልኝ፤ ሁሉም ፖዘቲቭ ስለሆኑ አይጣፉም። እንግዲህ የጎደለው 0.1 ቮልት የቀሩት ተርሞች ድምር ብቻ ነው ማለት ነው? ከሆነ ስህተቱን ከ1 በመቶ በታች ለማውረድ እስከ ስንተኛው n ልሂድ? ግብዓቱ ላይ የሚታየው የጊብስ ጉብታስ እዚህ የጠፋው ተርሞቹ በ1/n² ስለሚያንሱ ነው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።