መልስ የማይፈልግ ጥያቄና ሦስት ሦስት አድርጎ መደርደር፤ ቲያትር ሳያስመስሉ እንዴት?

ጥያቄ (የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ምክትል ርእሰ መምህር፣ ደምበጫ)

ልጆች በአጨዳ ወራት ከትምህርት እንዳይቀሩ ለወላጆች ስብሰባ አጭር ንግግር እንዳቀርብ ተመድቤአለሁ። ረቂቁን ያነበቡ ባልደረባዬ «ቲያትር ይመስላል» አሉኝ፤ የቱ ቦታ እንደሆነ ግን ለይተው ሊነግሩኝ አልቻሉም። የመካከሉ አንቀጽ የሚከተለው ነው፦

«ውድ ወላጆች፣ ትምህርት ምንድን ነው? ትምህርት ብርሃን አይደለምን? ትምህርት ሀብት አይደለምን? የተማሩ ልጆች ያውቃሉ፣ ያድጋሉ፣ ይለወጣሉ፤ ሀገራቸውን ይወዳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ያኮራሉ። ታዲያ ልጅን በአጨዳ ወራት ከትምህርት ማስቀረት ተገቢ ነውን?»

ምን ላስተካክል?

መልስ (የመድረክ መሪ፣ ባሕር ዳር)

ጥያቄዎቹን አይቀንሱ፤ ችግሩ አቀራረቡ ላይ ይመስለኛል። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ ሕዝቡ እስኪያስብበት ድረስ ረዘም አድርገው ዝም ይበሉ፤ ከዚያም መልሱን ራስዎ ይስጡ። ድምፅዎንም በጥያቄው መጨረሻ ላይ ከፍ አያድርጉት፤ ዝቅ ብሎ የሚያልቅ ጥያቄ የሚያስብ ሰው ጥያቄ ይመስላል፣ ከፍ ብሎ የሚያልቅ ግን ጭብጨባ የሚጠብቅ ያስመስላል።

መልስ (ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

ስለ ድምፁ የተባለው ትክክል ነው። ዝምታው ግን ከአንድ ትንፋሽ ካለፈ አድማጩ «እኛ እንድንመልስ ነው እንዴ?» ብሎ ዙሪያውን ማየት ይጀምራል። ጠያቂው ሁልጊዜ ራሱ የሚመልስ ከሆነም አድማጩ በሁለተኛው ላይ አካሄዱን ያውቀዋል፣ በሦስተኛው ላይ መልሱን ቀድሞ ይጨርሰዋል። ከዚህ ረቂቅ ጋር ስንመጣ ግን አቀራረቡ ብቻ ቢስተካከል አይበቃም፤ ችግሩ ከጽሑፉ ነው።

በመጀመሪያ ጥያቄዎቹን እንይ። «አይደለምን» እና «ነውን» የስብከትና የመጽሐፍ ድምፅ አላቸው፤ በደምበጫ አዳራሽ ለአንድ አርሶ አደር ፊት ለፊት የሚናገር ሰው «አይደለም እንዴ?» ወይም «አይደል?» ነው የሚለው። ከዚህ የሚከብደው ግን ይዘቱ ነው። «ትምህርት ብርሃን አይደለምን?» ለሚለው ማንም አይከራከርም፤ ስለዚህ ምንም አልተጠየቀም። የመጨረሻው ጥያቄ ደግሞ ከዚህ የተለየ ችግር አለበት፤ አንድ አባት ተነሥተው «አዎ፣ ተገቢ ነው፤ ያለ ጊዜው ዝናብ ሳይመታው ጤፉን ማን ይሰብስብልኝ?» ቢሉ የሚቀጥለው አረፍተ ነገርዎ ይወድቃል። እኔ የምፈትነው እንዲህ ነው፦ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ቢመልስልኝ ንግግሬ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? የሚቆም ከሆነ ያ ጥያቄ ገና ያልተፈታ ክርክር ነውና በማስረጃ እንጂ በጥያቄ አላቀርበውም።

ወላጆቹ መልሱን ከራሳቸው የሚያውቁትን አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ለምሳሌ፦ «በኅዳር ለአጨዳ የቀረ ልጅ በታኅሣሥ ሲመለስ መምህሩን የት ደርሶ ያገኘዋል?» ማንም ቢመልስ «ርቆ ሄዶ» ነው የሚለው፤ የእርስዎ ቀጣይ አረፍተ ነገርም ያንኑ ተቀብሎ ይሄዳል፦ «ክፍሉ ክፍልፋይን ጨርሶ መቶኛ ጀምሯል፤ ልጁ ግን ክፍልፋይን ገና አላየውም።»

ሁለተኛው ሦስት ሦስት አድርጎ መደርደሩ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ ሦስት ዐረፍተ ነገር በአንድ ዓይነት ግሥ ከተዘጋ ሳንፈልገው ቤት ይመታል፤ «ያውቃሉ፣ ያድጋሉ፣ ይለወጣሉ» ሲባል ጆሮ ወደ ቀረርቶ የሚሄደው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔውም ከሰዋስዋችን ውስጥ አለ፦ ሁለቱን በቦዝ አንቀጽ ያስኪዱና ሦስተኛውን ብቻ በማሰሪያ አንቀጽ ይዝጉት። «የቀረው ልጅ ደብተሩ ባዶ ሆኖ፣ የመንፈቁ ፈተና ከብዶት፣ በመጨረሻም ከጓደኞቹ ኋላ መቅረቱን እያየ ትምህርት ቤቱን ይጠላል።» ይህም ሦስት ነው፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን እየወለደ ስለሚሄድ፣ ሦስተኛውም ከሁለቱ ረዝሞና ከብዶ ስለሚመጣ አድማጩ ታሪኩን እንጂ ቁጥሩን አይሰማም። «ይወዳሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ያኮራሉ» ግን ቦታ ቢቀያየሩ ምንም አይለወጥም። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ካልተበላሸ ሦስተኛው ለማሟያ የገባ ነው ማለት ነው።

መልስ (ቅኔ የተማርሁ፣ ሞጣ)

መምህር ያሉትን እቀበላለሁ፤ በአንድ ነገር ግን እለያለሁ። ጎጃም ውስጥ ቤት የሚመታ ንግግር ሁሉ ቲያትር አይባልም፤ ሽማግሌ በእርቅ ላይ ሲናገር ቤት ቢመታ ይወደድለታል እንጂ አይነቀፍም። ስለ ሦስት ቁጥርም ቢሆን፣ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት ይሞላል፣ ዘአምላኪየ ሦስት ነው፣ መወድስ ስምንት ይደርሳል፤ ቁጥሩን የሚወስነው የቅኔው ዓይነት ነው። እንግዲህ ለወላጆች የሚነገር ቁም ነገር ሁለት ከሆነ ሁለት ይባል።

በተጨማሪ ንግግሩን በጥያቄ መዝጋት ጥሩ ነው እላለሁ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ሲናገሩ የዘጉት፣ ለሕዝባቸው ምን መልስ ይዘው እንደሚመለሱ በመጠየቅ ነበር።

መልስ (የዕድር ጸሐፊ፣ ቡሬ)

የእኔ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ ነገር ግን ከዚሁ ጋር ስለሚገናኝ ልጠይቅ። በዕድራችን ስብሰባ ላይ «መዋጮ ሳንከፍል ድንኳን ከየት ይመጣል?» ብዬ ስናገር አንድ አባት ተነሥተው «ካለፈው ዓመት ገንዘብ! እሱስ የት ገባ?» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው በሙሉ ስለ ሒሳቡ ሆነ። እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?

መልስ (የአማርኛ መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ)

እህቴ፣ መልስ ከመጣ ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ሆኗልና እንዳልተሰማ ማለፍ አይቻልም። «አባታችን ያነሡት ተገቢ ነው፤ የአምናውን ሒሳብ አሁኑኑ ላሰማ» ብለው መልሱን ተቀብለው መቀጠል ነው፤ ስለዚህም ገንዘብ የሚነካ ጥያቄ ከመጠየቅ በፊት ሒሳቡ እጅ ላይ ይሁን።

ከሞጣ ለተነሣው፦ ሽማግሌው ቤት ሲመታ የሚወደድለት ዕድሜውና የእርቁ ሥርዓት ስለሚሸከሙለት ይመስለኛል፤ አንድ ምክትል ርእሰ መምህር ስለ ቀሪ ተማሪ ሲናገር ያ ድጋፍ የለውም። የጄኔቩ ጥያቄ ደግሞ መልስ የሚፈልግ ነበር፤ መልሱን ለመስጠት ሥልጣኑ ያላቸው መንግሥታት ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር። እኛ በጥያቄ ስንዘጋ መልሱ በአዳራሹ ካሉት ሰዎች እጅ ያለ መሆን አለበት።

ጠያቂው (ደምበጫ)

አመሰግናለሁ። እንዲህ አሻሽዬዋለሁ፦

«ውድ ወላጆች፣ በኅዳር ለአጨዳ የቀረ ልጅ በታኅሣሥ ሲመለስ መምህሩን የት ደርሶ ያገኘዋል? ክፍሉ ክፍልፋይን ጨርሶ መቶኛ ጀምሯል፤ ልጁ ግን ክፍልፋይን ገና አላየውም። ደብተሩ ባዶ ሆኖ፣ የመንፈቁ ፈተና ከብዶት፣ በመጨረሻም ከጓደኞቹ ኋላ መቅረቱን እያየ ትምህርት ቤቱን ይጠላል። አጨዳው እንደማይቆይ እናውቃለን፤ ስለዚህ ልጁ ጠዋት ተምሮ ከሰዓት በኋላ ወደ ማሳው እንዲመጣ እንጠይቃለን።»

መዝጊያው ላይ «ከእናንተ መካከል በዚህ የሚስማማ ማን ነው?» ብዬ እጅ ላስወጣ አስቤአለሁ።

መልስ (ቅኔ የተማረው፣ ሞጣ)

ይህ መልስ የሚፈልግ ጥያቄ ነውና ይሁን፤ በዚሁ ይዝጉ።

መልስ (የአማርኛ መምህሩ፣ ደብረ ማርቆስ)

አንቀጹ አሁን ቀንቷል። እጅ ማስወጣቱን ግን እኔ አልመክርም፤ ጎረቤት እያየው እጁን ያወጣ ሰው ተስማማ ማለት አይደለም፣ ጥቂት ሰው ብቻ ካወጣም ያ ቁጥር በአዳራሹ ሁሉ ዘንድ ይታወሳል። ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር አስቀድመው ተነጋግረው ከሆነ ግን የሞጣው ወንድማችን ያሉት ሊሠራ ይችላል፤ ወላጆቹን የሚያውቋቸው እርስዎ ነዎት።