አከራዬ ቺፕውዱንም ዲሹንም አንሳ አሉኝ

ተከራይ ከጀሞ
ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ከተከራየሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ወንድሜ ለትምህርት ሲመጣ ሳሎኑን በቺፕውድ ከፈልኩት፤ ዲሽም ቆርቆሮው ላይ አሰቀልኩ። አከራዬ ያኔ አገር ቤት ሄደው ነበር። ልጃቸው ግን አይቷል፣ መሰላሉን ያዋሰኝም እሱ ነው። አሁን ኮርኒሱ ሲረጥብ «በ15 ቀን ሁለቱንም አንስተህ እንደነበረ አድርግ፣ ካልሆነ ልቀቅ» አሉኝ። ውላችን ተመዝግቧል፣ ስለዚህ ነገር ግን ምንም አይልም። ወጪው የኔ ነው? ቺፕውዱስ የማን ነው?

አዲሱ ገበያ
አትፍራ! አዋጅ 1320/2016 ከወጣ ወዲህ የቤት ኪራይ ውል ከ2 ዓመት አያንስም። ገና 8 ወር ይቀርሃል፣ ንክች አታድርግ። ሊያስወጡህ አይችሉም።

የቀበሌ ጎረቤት
እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ኮሚቴው የሁሉንም ዲሽ አስወርዶ አንድ የጋራ ዲሽ አስተከለ። አንተም ለኮሚቴው ብታመለክት ይሻላል።

ተከራይ ከጀሞ
ኮሚቴ የለንም እኮ፣ የግል ግቢ ነው።

የውል ጸሐፊ
አዲሱ ገበያ ስለ 2 ዓመቱ ልክ ነህ፣ ግን ግማሹን ነው ያነበብከው። አዋጁ ራሱ ውሉ ጊዜው ሳይደርስ የሚቋረጥባቸውን ምክንያቶች ይዘረዝራል። «ንክች አታድርግ» ብለህ ጠያቂውን ክርክር ውስጥ አትክተተው።

ወንድሜ፣ ያላስፈቀድከውን ማንሳትና ቦታውን መመለስ ባንተ ይወድቃል። ስትገባ የቤቱ ሁኔታ በጽሑፍ ካልተመዘገበ፣ በደህና ሁኔታ እንደተረከብከው ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ አሁኑኑ ፎቶ አንሳ፦ ቺፕውዱ ቆሞ ሳለ፣ ከተነሳ በኋላ፣ እንዲሁም የረጠበውን ኮርኒስ። ቺፕውዱን የገዛኸው አንተ ነህና ግድግዳውን ሳትጎዳ ፈትተህ ብትወስደው የሚከለክልህ አይታየኝም። መሰላል ማዋስ ፈቃድ ነው ወይ ለሚለው ግን እኔም እርግጠኛ መልስ የለኝም። ኪራይ የሚቀበለውና የሚፈርመው ልጃቸው ከሆነ ክርክርህ ይጠነክራል፤ ካልሆነ ደካማ ነው።

የቃል ማስጠንቀቂያ ላይ አትቀመጥ። ምን እንደሚነሳ፣ እስከ መቼ፣ ማን ቀለም እንደሚቀባ በአንዲት ወረቀት ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ።

ባለ ቆርቆሮ
ሰላሳ ዓመት ጣሪያ ላይ ነው የኖርኩት። ስለ ሕጉ ሌላው ይናገር። ዲሹን ከመንካትህ በፊት ግን ጣሪያው የሚያፈሰው የት እንደሆነ እወቅ፤ የሚረጥበው ኮርኒስ ሁልጊዜ ከቀዳዳው ሥር አይደለም። ውሃ በሞራሌው ላይ ተንሸራቶ ሁለት ሜትር ርቆ ይንጠባጠባል። በደረቅ ቀን አንድ ሰው ከውስጥ ይቁም፣ አንተ ከታችኛው የቆርቆሮ ጫፍ ጀምረህ በባልዲ ውሃ ቀስ እያልክ አፍስስ፤ ውስጥ ካልረጠበ ትንሽ ወደ ላይ ውጣ። ከላይ ከጀመርክ ውሃው ሁሉንም ቀዳዳ ስለሚያዳርስ አታውቀውም። ስትወጣ ሞራሌ ባለበት መስመር፣ ሚስማር በተመታበት ላይ እርገጥ።

የዲሹ እግር በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ሳይሆን ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ውስጥ ከተመታ፣ እርግጥ እሱ ነው ጥፋተኛው። ያኔ ብሎኑን ነቅሎ ሲሊኮን ብቻ መሙላት አይበቃም፤ ፀሐይ ያደርቀውና በሚቀጥለው ክረምት ይሰነጠቃል። ከቀዳዳው የሚበልጥ ቁራጭ ላሜራ ቆርጠህ ከሥሩ ሲሊኮን አድርገህ ጠርዙን በጎማ ባለው ብሎን እሰረው፤ የላይኛው ጫፉ ከላይኛው ቆርቆሮ ሥር ቢገባ ደግሞ የበለጠ ነው።

ለዲሹ የብረት ቱቦ ግቢው ውስጥ ትከልለት። ለኢትዮሳት ከሆነ ወደ ምሥራቅ አድልቶ ወደ ላይ ቀና ስለሚል፣ አጠገብህ ፎቅ ወይም ትልቅ ዛፍ ከሌለ ዝቅ ብሎም ይይዛል። ግን ቦታውን እሳቸውን አስፈቅድ፣ ዳግም እንዳትጋጩ!

ማስተር አናጢ
ቺፕውዱን በመዶሻ አታፍርሰው። ብሎኑን አንድ በአንድ ፍታ። ፊሸሩን በፒንሳ ጎትተህ አውጣ፣ እምቢ ካለ ወደ ውስጥ ግፋው። ግድግዳውን በስቱኮ ሞልተህ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው። ቀለሙ ግን ቁራጩን ብቻ ከቀባህ ይለያል፣ ያንን ግድግዳ ሙሉውን ቀባ። ወለሉ ሴራሚክ ከሆነና ከተበሳ ችግር ነው፤ ያው ዓይነት ሴራሚክ ገበያ ላይ ላይገኝ ይችላል።

ተከራይ ከጀሞ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ዛሬ ከልጃቸው ጋር በባልዲ ሞከርን። ዲሹ ጋ ስንደርስ ምንም የለም። ከሱ በላይ አንድ ክንድ ያህል ርቆ ያለ የድሮ ሚስማር ጋ ስናፈስስ ነው የተንጠባጠበው፤ ጎማው አልቋል፣ ዙሪያው ዝጓል። ልጃቸው በስልኩ ቀርጾ አሳያቸው። ሚስማሩን እኔ እቀይራለሁ ብያለሁ፣ ጎማው ብዙም አይደለም። እትዬ ግን «ዲሹ ይውረድ፣ ነገም ሌላ ቀዳዳ ያመጣል» ብለው ጸንተዋል። ቺፕውዱን እስከ ወንድሜ ፈተና ፈቅደዋል። ወረቀቱን ግን «ከልጄ ጋር ፈርም» ነው ያሉኝ።

የውል ጸሐፊ
ከልጃቸው ጋር ከሆነ እሳቸው ራሳቸው ከሥሩ «ተስማምቻለሁ» ብለው ይፈርሙ። የፈተናውንም ቀን ጻፉት።