የዓመት ክፍያ በአንዴ ተቀብለን፣ ሰኔ 30 ላይ ስንቱ ነው የኛ?

ጀማሪዋ ሒሳብ ሠራተኛ
ሰላም ለሁላችሁ። ለመድኃኒት ቤቶች የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር የሚያከራይ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ደንበኛ የዓመቱን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ከነቫቱ 27,600 ብር። ሚያዝያ 1 ላይ 11 ደንበኞች ከፈሉና 303,600 ብር ባንክ ገባ። ቫቱን ለብቻው አድርጌ 264,000ውን ሽያጭ ብዬ መዘገብኩት። ሚያዝያ ትርፍ በትርፍ፣ ግንቦትና ሰኔ ኪሳራ ሆነ። አለቃዬ የሚያዝያን ሪፖርት አይቶ ቦነስ እናውጣ ይላል፤ ኦዲተሩ ደግሞ "ይሄ ገና ገቢ አይደለም፣ አስተካክይው" ብሎኝ ሄደ። በፒችትሪ ነው የምሠራው። እንዴት ላስተካክል?

ብሩኬ
ቀላል ነው። ገንዘቡ ሲገባ ዕዳ ነው፣ ምክንያቱም አገልግሎቱን ገና አልሰጣችሁም። ስለዚህ 303,600ውን በሙሉ ዲፈርድ ሬቨኒው ውስጥ ክተቺው። ከዚያ በየወሩ ለ12 እያካፈልሽ 25,300 ገቢ ታደርጊያለሽ። አለቀ።

የቤት ኪራይ ያማረረው
እኛም ይሄ ነገር አስለቅሶናል። የቢሮ ኪራይ የዓመቱን በአንዴ አስከፍለውን ሙሉውን ወጪ አድርገን ያ ወር በኪሳራ ወጣ። በኋላ ሒሳብ የሚያውቅ ዘመዴ ቅድመ ክፍያ ብሎ አስይዞ በየወሩ አወጣልን። አንቺም ቅድመ ክፍያ በይው።

ጋሽ መዝገቡ
ወንድሜ፣ ያንተ የከፋይ ወገን ነው፣ ለከፋዩ ሀብት ይሆናል። እሷ ተቀባይ ናት፣ ለእሷ ዕዳ ነው። አንድ ብር ነው፣ የሚቀመጥበት ጎን ግን ተቃራኒ።

ብሩኬ፣ ሐሳብህ ልክ ነው፣ ቁጥሩ ግን ስቷል። ከ303,600 ውስጥ 39,600ው ቫት ነው። እሱ ዛሬም ነገም የእነሱ ገቢ አይሆንም። ደረሰኙ በተቆረጠበት በሚያዝያ ወር ቫት ማስታወቂያ ላይ ሙሉው ይገባል፣ በ12 አይከፋፈልም። ባልከው መንገድ ብትሄድ በየወሩ 3,300 ብር የመንግሥት ገንዘብ ገቢ ብላ ትመዘግባለች። የወሩ ገቢ 22,000 ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ ልጄ። ቫቱን በመለየትሽ ግማሹን ሥራ ጨርሰሻል። የሚቀረው ከሽያጭ ላይ ያልተሠራበትን ማንሳት ነው። ሚያዝያ፣ ግንቦትና ሰኔ ሦስት ወር ናቸው፣ 66,000 ብር ሠርታችሁበታል። የቀረው 198,000 የሚመጣው ዓመት ሥራ ነው። ሰኔ 30 ላይ በ General Journal እንዲህ ግቢ፦

```
ዴቢት   ሽያጭ              198,000
ክሬዲት  ያልተሠራበት ገቢ       198,000
```

ከሐምሌ ጀምሮ ደግሞ በየወሩ መጨረሻ 22,000 ያልተሠራበት ገቢን ዴቢት፣ ሽያጭን ክሬዲት እያደረግሽ እስከ መጋቢት ትጨርሽዋለሽ። አለቃሽ ቦነስ ሊያወጣበት ያሰበው 198,000 ብር እንግዲህ ይሄ ነው። ከነገ ጀምሮ የአገልጋይ ኮምፒውተር ኪራይና የቴክኒሽያን ደመወዝ የሚከፈልበት ብር ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ፒችትሪ ላይ ይህን ሒሳብ ስትከፍቺ ዓይነቱን Other Current Liabilities በይ። ስሙን አይተው Income የሚሉ ብዙ አይቻለሁ። ዓመቱ ሲዘጋ ፕሮግራሙ የገቢ ሒሳቦችን ሁሉ ወደ ዜሮ ይመልሳል። ሐምሌ 1 ላይ ከፍተሽ ባዶ ሆኖ ካገኘሽው ስህተቱ እዚያ ነው።

ጳጉሜን የተወለድኩት
ጋሽ መዝገቡ፣ ይቅርታ፣ ጳጉሜን የት ገባች? 13 ወር ነው እኮ ያለን 😄 ሦስት ወር 90 ቀን ነው፣ ዓመቱ 365። በቀን ከተሠላ 66,000 ሳይሆን 65,095.89 ነው የሚመጣው።

ጋሽ መዝገቡ
ልክ ነህ፣ ልዩነቱ 904 ብር ነው። በወር መሥራትም ይቻላል፣ ጳጉሜን የነሐሴ ጅራት አድርገን እንወስዳታለን፣ ዋናው በየዓመቱ አለመቀያየር ነው። ብዙ ደንበኛ ካላት ግን፣ የሚጀምሩበትም ቀን የተለያየ ከሆነ፣ በቀን ይሻላል። ኤክሴል በእኛ አቆጣጠር ስለማያሰላ ቀኖቹን ወደ ፈረንጅ ለውጣ ታስገባ። ሚያዝያ 1 ማለት ኤፕሪል 9፣ ሰኔ 30 ጁላይ 7 ነው። A2 የሚጀምርበት፣ B2 የሚያልቅበት፣ C2 ያለ ቫት ዋጋ፣ F1 የመዝጊያው ቀን፦

```
=C2*MAX(0,MIN($F$1,B2)-A2+1)/(B2-A2+1)
```

+1ን አትርሺ። ከጠፋች 90ው ቀን 89 ይሆናል።

ጀማሪዋ ሒሳብ ሠራተኛ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አንድ ነገር አልነገርኳችሁም። ከ11ዱ አንዱ ሚያዝያ 1 ከፍሏል፣ ኮምፒውተሩ ስላልደረሰለት ግን ሲስተሙን የከፈትንለት ግንቦት 1 ነው። ዓመቱም ከዚያ እንዲቆጠርለት ተስማምተናል። ለውጥ አለው?

ጋሽ መዝገቡ
አዎ አለው፣ እንኳን ተናገርሽ። የሚቆጠረው ከተከፈለበት ቀን ሳይሆን አገልግሎቱ ከተጀመረበት ነው። ለእሱ የሠራችሁት ሁለት ወር ብቻ ነው፣ 4,000 ብር። ስለዚህ ጠቅላላው 64,000፣ የሚተላለፈው 200,000 ይሆናል። በሚመጣው ዓመት ሚያዝያ ላይም የእሱ 2,000 ትቀርሻለች። ለዚህ ነው በደንበኛ በደንበኛ ዝርዝር ያዢ የምለው። በየወሩ የዝርዝሩ ቀሪ ድምርና የፒችትሪው ቀሪ እኩል መሆን አለባቸው፣ ካልሆኑ የሆነ ደንበኛ ተረስቷል ማለት ነው።

ከገቢዎች ጋር የተሟገተ
ሁሉም ጥሩ። ግን ማንም ያላነሳው ነገር አለ። ቫት ማስታወቂያችሁ ላይ ሽያጭ 264,000 ይላል፣ የትርፍ ግብር ማስታወቂያው ላይ ደግሞ 64,000። ኦዲት ሲመጣ መጀመሪያ የሚያመሳክሩት እነዚህን ሁለቱን ነው። እኔን "200 ሺው የት ገባ?" በሚል ዓይነት ጥያቄ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። የአሁኑ አለቃዬ ሰልችቶት "ሁሉንም በዚሁ ዓመት ገቢ አድርጉት፣ ግብሩን ከፍለን እንተኛ" ይላል።

ጋሽ መዝገቡ
በ200,000 ላይ 30 በመቶ እኮ 60,000 ብር ነው። በሚመጣው ዓመት የሚከፈለውን ዛሬ አምጥቶ መስጠት እንቅልፍ አያመጣም። የማመሳከሪያ ወረቀት አዘጋጁ፦ በቫት የታወጀው ይሄ፣ ወደ ሚመጣው ዓመት የተላለፈው ይሄ፣ ካለፈው ዓመት የመጣው ይሄ፣ ከሥሩ የደንበኞቹ ዝርዝርና ውሉ። እኔ በዚህ ነው የምሄደው።

ከገቢዎች ጋር የተሟገተ
ወረቀቱማ ነበረኝ። አንዱ ኦዲተር ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም። እንደ ሰውዬው ነው።

ብሩኬ
የቫቱን ስህተቴን ተቀብያለሁ 🙏 አንድ ጥያቄ ልጨምር፦ ደንበኛው በአምስተኛው ወር ትቻለሁ ቢልስ? የቀረው ገቢ ይሆናል?

ጋሽ መዝገቡ
ውሉን እይ። ክፍያ አይመለስም ካለና ከዚያ በኋላ ምንም የምትሰጡት ከሌለ፣ ውሉ ባበቃበት ቀን ቀሪው ገቢ ይሆናል። ይመለሳል ካለ ግን ቀሪው ለሰውዬው የሚከፈል ዕዳ ነው፣ ቫቱም በክሬዲት ኖት መስተካከል አለበት።

ጀማሪዋ ሒሳብ ሠራተኛ
ጆርናሉን በ200,000 ገባሁት፣ ከዝርዝሩም ጋር ገጠመ። ውላችን ግን አሁን አየሁት፣ ስለ መመለስ አንድም ቃል የለውም። ቦነሱን ለአለቃዬ ማን ይንገርልኝ?