8 ቀን የፈጀ ስልክ ሳይኖር አማካዩ እንዴት 8 ሆነ?

ቤቲ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ስልክ ጥገና ቤት ውስጥ ተቀባይ ነኝ። አለቃዬ "አንድ ስልክ በአማካይ ስንት ቀን እንደሚፈጅ አስልተሽ በር ላይ ለጥፊ" አለኝ። ከመዝገቡ የመጨረሻዎቹን 11 ስልኮች ወሰድኩ። የፈጁት ቀን ይኸው፦ 1, 1, 2, 2, 2, 3, 3, 3, 4, 4, 63። ደምሬ ሳካፍል 8 ቀን መጣ። ግን 8 ቀን የፈጀ አንድም ስልክ የለም! ይህን ብለጥፍ ደንበኛ ሁሉ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሄዳል። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ሚኪ
ምንም አልተሳሳትሽም። 63ቷን አውጪያት በቃ። የቀሩትን 10 ስትደምሪ 25 ነው፣ አማካዩ 2.5 ቀን ይሆናል። እኛ መሥሪያ ቤት እንደዚህ ወጣ ያለ ቁጥር ካየን ወዲያው እንሰርዛለን።

ጋሽ ታዬ
ሚኪ ቀስ በል እንጂ። ልጄ ቤቲ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሪኝ። 63 የሚለው እውነተኛ ነው ወይስ የጽሑፍ ስህተት? 6.3 ወይም 3 ለማለት ተፈልጎ ከሆነ ይታረማል። እውነት ከሆነ ግን መሰረዝ አይቻልም። ያ ደንበኛ እኮ ሁለት ወር ያለ ስልኩ ተቀምጧል።

ቤቲ
እውነት ነው ጋሽ ታዬ። ነሐሴ 3 ገብቶ ጥቅምት 1 ነው የወጣው። ደረሰኙ አለ። ስክሪኑ እዚህ ስላልተገኘ ከውጭ እስኪመጣ ጠበቅን። እንዲያውም መጀመሪያ 58 ብዬ ነበር የቆጠርኩት፣ አምስቱን የጳጉሜ ቀናት ረስቼ 😅

ጋሽ ታዬ
እሱ ስህተትሽ ራሱ ጥሩ ማስተማሪያ ነው፣ እመለስበታለሁ።

አማካይ ማለት እኩል ማካፈል ነው። አሥራ አንዱ ስልክ በጠቅላላ 88 ቀን ፈጅቷል። ይህን ለሁሉም እኩል አድይ ስትባይ ለእያንዳንዱ 8 ይደርሰዋል። አሁን ማን ለማን እንደሰጠ ተመልከቺ። ባለ 63ቱ ስልክ 8ቱን ለራሱ አስቀረና 55 ቀን ተረፈው። ያን ለሌሎቹ በተነው። 1 ቀን ብቻ ለፈጀው ስልክ 7 ጨመረለት፣ 3 ለፈጀው 5፣ 4 ለፈጀው 4። ደምሪው፣ ልክ 55 ይመጣል። ስለዚህ የመዘግየቱ ችግር የአንዱ ሆኖ ሳለ፣ አማካዩ ለአሥሩም እያካፈለ አሳየሽ። 8 ቀን የፈጀ ስልክ የጠፋውም ለዚህ ነው።

ሚዲያን የሚባል ሌላ መለኪያ አለ፣ እሱ ግን አያካፍልም። ዳቦ ቤት እንደሚሰለፉ ሰዎች ከትንሹ ወደ ትልቁ ያሰልፋቸውና መሃል ላይ የቆመውን ይጠራል። ከ11 ሰው መሃል ያለው 6ኛው ነው። ከፊቱ 5፣ ከኋላው 5። ያንቺ 6ኛ ስልክ 3 ቀን ነው የፈጀው።

ወደ ጳጉሜ እንመለስ። 58 ብለሽ ብትተይው አማካዩ ወደ 7.5 ይወርድ ነበር። 63ቱ 96 ቢሆን ደግሞ 11 ይደርሳል። ሚዲያኑ ግን በሦስቱም ያው 3 ነው። የመጨረሻው ሰው ከሰልፉ ጫፍ አንድ እርምጃ ይራቅ አንድ ኪሎ ሜትር፣ መሃል ያለውን ሰው አይነካውም።

ሚኪ
እሺ ጋሼ፣ ግን የእኔም 2.5 መጣ፣ የእርስዎም 3። ምን ለየው ታዲያ?

ጋሽ ታዬ
መልሳችን ተቀራርቧል፣ መንገዳችን ግን አይገናኝም። አንተ ዛሬ 63ን ሰረዝክ። ነገ 20 ቀን የፈጀ ቢመጣስ? 9 ቀንስ? የት ጋ ነው መሰረዝ የምታቆመው? መስመሩን በፈለግህበት ካሰመርህ መልሱንም አንተ መረጥከው ማለት ነው። ሚዲያን ማንንም ሳያስወጣ ነው እዚያ የሚደርሰው።

ሀና ካፌ
እኔ በዚህ በሚዲያን ጉድ ሆኛለሁና እንዳትሸወዱ! ትንሽ ካፌ አለችኝ። የአምናውን የማሽን ጥገና ወጪ ስቆጥር 11 ወር በወር 1,500 ብር ነበር። በአንዱ ወር የቡና ማሽኑ ፓምፕ ተቃጠለና 31,500 ከፈልኩ። አንድ የተማረ ዘመዴ "ሚዲያን ተጠቀሚ፣ እውነቱን እሱ ነው የሚነግርሽ" ብሎኝ ዘንድሮ በየወሩ 1,500 ብቻ ማስቀመጥ ጀመርኩ። እና ማሽኑ ዘንድሮም ያንኑ ደገመልኝ። 30,000 ብር ከየት ላምጣ? ተበደርኩ። ስለዚህ ቤቲ፣ አማካዩን ያዢ ነው የምልሽ።

ጋሽ ታዬ
ሀና፣ ያንቺ ጥያቄ ሌላ ነው፣ ለጥያቄሽ ግን ልክ ነሽ። አንቺ የፈለግሽው "የተለመደው ወር ምን ይመስላል" የሚለውን አይደለም። "ዓመቱን ሙሉ ስንት ብር ያስፈልገኛል" ነው። የዓመቱ ወጪ 48,000 ነው። ለ12 ሲካፈል 4,000። በየወሩ 4,000 ብታስቀምጪ ድምሩ ይሞላል። 1,500 በ12 ግን 18,000 ብቻ ነው። አማካይን በጊዜው ብዛት ስታባዢው ድምሩን ይመልስልሻል። ሚዲያን ይህን አይችልም። ብር ሲጠራቀም፣ ጭነት ሲጫን፣ ነዳጅ ሲገዛ አማካዩን ያዙ። ያቺ ትልቅ ወጪ አማካዩን ወደ ላይ መጎተቷ እዚያ ጥሩ ነው፣ ከኪስሽ ትወጣለቻ።

የቤቲ ደንበኛ ግን የ11 ስልክ ድምር ምን ያደርግለታል? የያዘው አንድ ስልክ ነው።

ሀና ካፌ
ኧረ ይህን አምና ቢነግሩኝ ምን ነበረበት 😭 ግን ፓምፑ በሁለተኛው ወር ቢቃጠልስ? 4,000 እያስቀመጥኩም አይሞላም እኮ።

ጋሽ ታዬ
አይሞላም። እስከዚያ ያስቀመጥሽው 8,000 ብቻ ነው። አማካይ መቼ እንደሚመጣብሽ አይነግርም፣ ለዚያ መነሻ ቁጠባ ያስፈልጋል።

ዳዊት (ቴክኒሻን)
እኔም ጠጋኝ ነኝ። ቤቲ፣ ጥያቄ አለኝ። የቆጠርሻቸው ተጠግነው የወጡትን ብቻ ነው አይደል? መደርደሪያ ላይ የተኙት የሉበትም? እኛ ጋ እንደዚህ ስንቆጥር ሁልጊዜ ቁጥሩ አምሮ ይወጣል። ምክንያቱም የሚያስቸግሩት ስልኮች ገና አልወጡም!

ቤቲ
ውይ፣ እውነትህን ነው። ሁለት አሉ። አንዱ 18 ቀን ሆኖታል፣ ሌላው 25። መቼ እንደሚያልቁ አይታወቅም። እንዴት ነው የማስገባቸው?

ጋሽ ታዬ
ዳዊት ቁምነገር አነሳ። በአማካይ ከሄድሽ ተቸገርሽ። 18 እና 25 ብለሽ ብትደምሪ 131 ለ13፣ ወደ 10 ገደማ ይሆናል። ግን ቁጥሩ ነገ ይጨምራል፣ ከነገ ወዲያም ይጨምራል። እስኪያልቁ ድረስ ትክክለኛውን አማካይ ማወቅ አትችዪም።

ለሚዲያን ግን ማለቂያቸውን ማወቅ አያስፈልግሽም። ከ4 ቀን እንዳለፉ ታውቂያለሽ፣ ስለዚህ ቦታቸው ከሰልፉ ጀርባ ነው። አሁን 13 ስልክ ሆነ፣ መሃሉ 7ኛው ነው። 1, 1, 2, 2, 2, 3, 3። አሁንም 3 ቀን። ገና ያልወጡት ከግማሽ በታች እስከሆኑ ድረስ ይሠራል።

ሚኪ
ለኤክሴል ሰዎች፣ እኔም አንድ ነገር ልርዳ 😂 ቀኖቹ B2 እስከ B12 ከሆኑ፦

```
=AVERAGE(B2:B12)
=MEDIAN(B2:B12)
=COUNT(B2:B12)
```

ሦስተኛው 11 ካላለሽ የሆነ ሳጥን ውስጥ "2 ቀን" ብለሽ በፊደል ጽፈሻል ማለት ነው። ኤክሴል ዝም ብሎ ይዘለዋል፣ አይነግርሽም።

ቤቲ
ሚኪ ተባረክ፣ COUNT 9 አለኝ! ሁለቱን አስተካከልኩ። እንግዲህ "ጥገና በ3 ቀን" ብዬ ልለጥፍ?

ጋሽ ታዬ
ኧረ አትለጥፊ! ሚዲያን ቃል ኪዳን አይደለም። "ቢያንስ ግማሹ በዚህ ቀን ወይም ከዚያ በፊት ያልቃል" ነው የሚለው። ከወጡት 11 ውስጥ ሦስቱ ከ3 ቀን በላይ ፈጅተዋል፣ እነዚያ ሦስት ሰዎች በር ላይ ሊጮኹብሽ ነው። "የተለመደው ስንት ነው" ላለሽ ሰው 3 በዪው። ቃል የምትገቢ ከሆነ ግን 4 ይሻላል። ከ11 አሥሩ በ4 ቀን ወጥተዋል። መደርደሪያ ላይ ያሉትን ስትጨምሪ ግን ከ13 አሥሩ ነው፣ እሱንም አትርሺ።

ዳዊት (ቴክኒሻን)
በዚህ ላይ አልስማማም ጋሽ ታዬ። ለእኔ አንድ ቁጥር መለጠፉ ራሱ ነው ችግሩ። ስክሪንና ባትሪ ሌላ ሥራ ነው፣ ቦርድ ሌላ ሥራ ነው። እኛ ጋ ባለፈው ስድስት ስልክ ነበር፦ 1, 2, 3 ቀን የፈጁት ስክሪን፣ 20, 25, 30 የፈጁት ቦርድ። ሚዲያኑ ስንት እንደመጣ ታውቃላችሁ? 11.5! ከ3 እና ከ20 መሃል። 11.5 ቀን የሚፈጅ ስልክ በሕይወቴ አላየሁም። በሚዲያንም እንዲህ ዓይነት ጉድ አለ።

ጋሽ ታዬ
ትክክል ነህ፣ ተሸነፍኩ። ሁለት ገበያ ተደባልቆ ሲመጣ መሃሉ ባዶ ሜዳ ነው። ቁጥሮቹን መጀመሪያ ደርድሮ በዓይን ማየት ያስፈልጋል፣ መሃል ላይ ክፍተት ካለ ለየብቻ መቁጠር ነው። ቤቲ፣ ያንቺስ? 63ቱ እና መደርደሪያ ላይ ያሉት ምናቸው ነው የተበላሸው?

ቤቲ
63ቱ ስክሪን፣ ከሁለቱ አንዱ ስክሪን አንዱ ቦርድ። እኛን የሚለየን የሥራው ዓይነት አይመስለኝም፣ መለዋወጫው እዚህ መኖር አለመኖሩ ነው። ቦርዱም ዕቃ እየጠበቀ ነው።

ዳዊት (ቴክኒሻን)
እንደዚያ ከሆነ መለያሽ እሱ ነው። ስልኩን ስትቀበዪ ዕቃው አለ የለም ብለሽ ታውቂያለሽ አይደል? ለዕቃ የሚጠብቁት ሦስት ብቻ ስለሆኑ ግን ለእነሱ ምንም ቁጥር አትጻፊ፣ ሦስት ስልክ ምንም አይነግርሽም።

ሚኪ
ማለትም 63ቷን አወጣናት 😏

ጋሽ ታዬ
አላወጣናትም፣ የራሷን ሰልፍ ሰጠናት። ልዩነት አለው ሚኪ።

ቤቲ
ዛሬ ካርቶን ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ "ዕቃው ካለን ብዙውን ጊዜ 3 ቀን፣ ቢዘገይ 4። ዕቃ የሚታዘዝ ከሆነ ከሁለት ወር ሊያልፍ ይችላል።" አለቃዬ አየና ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር አጥፊው አለኝ። እኔ ደግሞ ባለ 63ቱ ሰውዬ ሲጮህ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ አልኩት። እስካሁን እየተከራከርን ነው።