ሐሙስ የምቀጠርበትን ቢሮ ላየው ነው፣ የወደፊት ባልደረባዬን ምን ልጠይቃት?

ሰላም ጓዶች፣ ጅማ ነው ያለሁት፣ አካውንታንት ነኝ። እዚሁ ከተማ አንድ ቡና አቅራቢ ድርጅት ኢንተርቪው አልፌ "ከመፈረምህ በፊት መጥተህ ቢሮውን እይ" አሉኝ፣ ከካሸሯ ጋርም ግማሽ ሰዓት ታወራለህ ተብያለሁ። ግን ምን እንደምጠይቃት ግራ ገብቶኛል። በፊት የነበርኩበት ቦታ ስገባ "ስራው እንዴት ነው?" ብዬ ጠይቄ "ኧረ አሪፍ ነው፣ እንደ ቤተሰብ ነን" ተባልኩ፣ በሦስተኛው ወር ከካዝና 4,000 ብር ሲጎድል ምንም ሳይጣራ ሰው ሁሉ ፊት እኔ ላይ ተጮኸ፣ ቤተሰብነቱ ያኔ ገባኝ 😅

ስለዚህ አሁን አስተያየቷን ሳይሆን የሆነ ነገር እንድትነግረኝ ነው የምፈልገው። ለምሳሌ በቅርቡ ሂሳብ አልገጥም ያለ ቀን አለቃው መጀመሪያ ምን አደረገ፣ ደረሰኝ አገላበጠ ወይስ ጥፋተኛ ፈለገ? የዓመት ፈቃድስ መጨረሻ የወጣሽው መቼ ነው? በአዋጅ 1156/2011 ለመጀመሪያው ዓመት 16 የስራ ቀን ነው፣ በቡና ሰሞን አይሰጥም ብትለኝ ይገባኛል፣ ሁለት ዓመት አልወጣሁም ካለች ግን በቃ ነገሩ ታውቋል።

ከሁሉም በላይ ከኔ በፊት የነበረው ሰው ለምን እንደለቀቀ ማወቅ እፈልጋለሁ፣ ግን ማናጀሩ አጠገባችን ከተቀመጠ እንዴት ብላ ትመልሳለች? ቡና እንጠጣ ብዬ ይዣት ልውጣ ወይስ ሰው ፊት ነገር ይመስልባታል? እሷን ችግር ውስጥ ሳልከት እንዴት ልጠይቅ፣ የሞከራችሁት ካላችሁ እስኪ ንገሩኝ