ጠብ የለንም፤ ነገር ግን ተራርቀናል

እኔና ባለቤቴ በትዳር 14 ዓመት ኖረናል፤ ሁለት ልጆችም አሉን። መጠጥ፣ ስድብ፣ የገንዘብ ጭቅጭቅም ሆነ ጥርጣሬ በመካከላችን የለም። የምንነጋገረው ግን ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ስለ ዕቁብና ልጆቹን ማን እንደሚያመጣ ብቻ ሆኗል። ቀድሞ እሑድ ቡና ሳፈላ እስከ በረካው ድረስ ወሬያችን አያልቅም ነበር፤ አሁን አቦሉን ጠጥቶ አመስግኖኝ ይነሳል፣ እኔም ቶናውን ሳላፈላ ረከቦቱን አነሳለሁ።

ልጆቹን እናቴ ዘንድ ትተን ቢሾፍቱ ሄደን ብናድርም፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ያወራነው ስለ ልጆቹ ነበር። የንስሐ አባታችንን ሳማክራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ማን ማንን እንደ በደለ ነው፤ በደል እንደሌለ ስነግራቸው "እንግዲያውስ ተመስገን በይ" አሉኝ። ሽማግሌም የሚቀመጠው ለዕርቅ ነው፤ እኛ ደግሞ የምንታረቅበት ጠብ የለንም። ባለቤቴን ራሱን "ምን ሆነናል?" ብዬ ብጠይቀው "ምን አጎደልኩብሽ?" ብሎ ደነገጠ፤ ከዚያም የቤቱን ወጪና ሥራ ይበልጥ በመሸፈን ሊክሰኝ ሞከረ፣ ይህም እጅግ አሳዘነኝ፤ የጎደለኝ እሱ ራሱ ነውና። መለያየትን አላስብም።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ የትዳር ጓደኛችሁ ወቀሳ ሳይመስለው ይህን ጉዳይ ያነሣችሁት እንዴት ብላችሁ ነው?