ውሻዬ ታጥቦ ሳይደርቅ ጥንብ ላይ ይንከባለላል፤ ምን ላድርግ?

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ፣ ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፈው። ቡቺን ሽታ ባለው ሳሙና አጥቤ በለቀቅሁት ቁጥር ወደ ጨሞጋ ወንዝ ይሮጥና የበግ ጥንብ ወይም ትኩስ እበት ፈልጎ ይንከባለልበታል። ሁኔታውን ልብ ብዬ አይቻለሁ፦ መጀመሪያ ጉንጩንና አንገቱን ያሽበታል፣ ከዚያ ትከሻውን፣ በመጨረሻ በጀርባው ይጋደማል። ቁንጫ የለበትም፣ ቤት ሲሆንም ሲያክ አላየሁትም፣ ጠጉሩም አልሳሳም፤ ስለዚህ የማሳከክ ነገር አይመስለኝም።

ተኩላዎችም እንዲህ እንደሚያደርጉ አንብቤአለሁ። አንዳንዱ ለአደን ጠረናቸውን ለመደበቅ ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ያገኙትን ሽታ ይዘው ለመንጋቸው ለማሳወቅ። ግን ተኩላ ሽቶ ላይም ይንከባለላል፤ ሽቶ ደግሞ ከታዳኝ አይደብቅም፤ የመጀመሪያው ስለዚህ አላሳመነኝም። እኔ የምጠረጥረው ሳሙናውን ነው። ለእኛ ደስ የሚለው መዓዛ የእሱን ጠረን ሳይሸፍንበት አልቀረም።

ሽታ በሌለው ሳሙና አጥባችሁ፣ እስኪደርቅም አስራችሁ ያቆያችሁ ካላችሁ ለውጥ አይታችኋል? አንገቱን ወደ መሬት ዘንበል ማድረግ ሲጀምር ጠርቶ ማስቆምንስ እንዴት አስለመዳችሁ? ልጆቼ ስለሚያቅፉት ከጥንቡ በሽታ እንዳያመጣባቸው እሰጋለሁ፤ እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።